አራት ደቂቃ ወይስ አሥር? ሁለት ቅጂዎችን ሳያዳሉ ማወዳደር

አንዲት አዘጋጅ የዶሮ ወጥ አሠራር የሚያሳይ ቪዲዮ በሁለት ርዝመት ቆረጠች እንበል፤ አንዱ አራት ደቂቃ፣ ሌላው አሥር ደቂቃ ነው። ሰዎች እስከ መጨረሻው የሚያዩት የትኛውን እንደሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። አጭሩን ረቡዕ፣ ረጅሙን ቅዳሜ ብትለጥፍ ግን የምትለካው ርዝመትን ብቻ አይሆንም። ረቡዕ ጾም ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ብዙ ሰው ቤቱ ይውላል።

ሁለቱንም በአንድ ሰዓት ዩቲዩብ ላይ መጫንም አያድናትም። ዩቲዩብ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቪዲዮ ሲጠቁም ሰዎች ለምን ያህል ጊዜ እንዳዩት ትልቅ ክብደት ይሰጣል። ስለዚህ ሁለቱ ቅጂዎች ለተለያዩ ተመልካቾች ሊቀርቡ ይችላሉ።

መፍትሔው ዕጣ ነው። ለሙከራው ፈቃደኛ የሆኑ 2,000 ተከታታዮች ተመዝግበው በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ለእያንዳንዳቸው በተመሳሳይ ሰዓት የግል ሊንክ ይላካል፤ ሊንኩን ለጓደኛ ያስተላለፈ ሰው ቆጠራውን እንዳያዛባ፣ አንድ ሊንክ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆጠራል። ርዕሱ፣ የሽፋን ምስሉና የመክፈቻው ሃያ ሰከንድ አንድ ዓይነት ይሆናሉ። “መጨረሻ” የሚባለውም አስቀድሞ ይወሰናል፤ ለምሳሌ እንቁላሉ ወጡ ውስጥ የሚገባበት ቅጽበት። ምስጋናና “ሰብስክራይብ አድርጉ” የሚለው ማሳሰቢያ አይቆጠርም፤ እዚያ ጋ ዘግቶ የወጣ ሰው ትምህርቱን ጨርሷልና።

ትልቁ ወጥመድ የሚመጣው ስሌቱ ላይ ነው። አጭሩ ከተላከላቸው 1,000 ሰዎች 600ው ከፍተውት 300ው ጨረሱት እንበል። ረጅሙን ደግሞ 400 ከፈቱት፣ 220 ጨረሱት። ከከፈቱት መካከል ሲሰላ አጭሩ 50 በመቶ፣ ረጅሙ 55 በመቶ ይሆናል፤ ረጅሙ ያሸነፈ ይመስላል። ነገር ግን “አሥር ደቂቃ” የሚለውን አይቶ የተወው ሰው ከቆጠራው ወጥቷል፤ የቀረው ትዕግሥት ያለው ብቻ ነው። ዕጣው እኩል ያደረገው የተላከላቸውን እንጂ የከፈቱትን አይደለም። ከተላከላቸው ሲሰላ አጭሩ 30፣ ረጅሙ 22 በመቶ ነው። ፍትሐዊው ንጽጽር ይህ ነው።

የስምንት ነጥቡ ልዩነት በ1,000 እና በ1,000 ሰዎች ላይ ሲታይ፣ እውነተኛው ልዩነት በግምት ከ4 እስከ 12 ነጥብ ውስጥ ይወድቃል። በየቡድኑ 100 ሰው ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ያው ስምንት ነጥብ በዕድል ብቻ ሊመጣ በቻለ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አጭሩ ሲመራ አይቶ ሙከራውን ማቆምም እንዲሁ ያሳስታል፤ የሚቆምበት ቀን ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ።

አጭሩ በብዙዎች ቢታይም፣ ሽንኩርቱ ለምን ያህል ጊዜ መቁላላት እንዳለበት ቆርጦ አስቀርቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አዘጋጇ በማግስቱ ለሁለቱም ቡድኖች ስለ አሠራሩ ሦስት ተመሳሳይ ጥያቄዎች ትላክ፤ በትክክል የመለሱትንም ሊንኩ ከተላከላቸው ከ1,000ዎቹ ታስላ።