መበደር ለምን በቦታ ዋጋ ይማራል? ለወላጆች የተሰጠ ማብራሪያ

ከ52 ላይ 27 ሲቀነስ በአንድ ቤት ያለው 2 ከ7 ያንሳል። ብዙ ወላጆች እዚህ ላይ የተማሩት አጭር መንገድ «ከጎን አንድ ተበደር» የሚል ነው፤ 5ቱ ተሰርዞ 4 ይሆናል፣ 2ቱም 12 ይሆናል። የአንደኛ ደረጃ መምህር ለወላጆች በሚልከው ደብዳቤ ልጆቹ ከዚህ በፊት እንጨት እያሰሩና እየፈቱ ለምን እንደሚሰነብቱ ማስረዳት ይኖርበታል። ምክንያቱ አጭሩ መንገድ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ማለፉ ነው፦ የተወሰደው አንድ ከሆነ 2ቱ ለምን 3 አልሆነም?

መልሱ ያለው በቦታ ዋጋ ላይ ነው። በ52 ውስጥ ያለው 5 አምስት አሥሮች ማለት ስለሆነ፣ ከእሱ የሚወሰደው አንድ አሥር ነው። ልጁ በእጁ ያሉት አሥር አሥር እንጨት የታሰረባቸው አምስት እስሮችና ሁለት ነጠላ እንጨቶች ናቸው። አንዱን እስር ሲፈታ አራት እስርና አሥራ ሁለት ነጠላ ይኖሩታል፤ ቢቆጥራቸው አሁንም 52 ናቸው። ከዚያ 7 ነጠላና 2 እስር ሲያነሳ 25 ይቀራል።

ይህን ያልጨበጠ ልጅ ብዙ ጊዜ 35 ብሎ ይመልሳል። ከ7 ላይ 2፣ ከ5 ላይ 2 ቀንሷል፤ የላይና የታች ሳይለይ ትንሹን ከትልቁ አንስቷል ማለት ነው። ይህ የግዴለሽነት ስህተት አይደለም። ልጁ እያንዳንዱን ቤት ራሱን የቻለ ቁጥር አድርጎ ስለሚያይ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ተጨማሪ መልመጃ መስጠት ስህተቱን ያጸናዋል እንጂ አያርመውም።

ከባዱ ፈተና ዜሮ ሲመጣ ነው። ከ403 ላይ 156 ሲቀነስ የአሥር ቤቱ ባዶ ስለሆነ የሚበደሩት የለም። ደንቡን ብቻ የሸመደደ ልጅ ከ4ቱ አንድ ወስዶ በቀጥታ ለ3ቱ ይሰጣል፤ 3፣ 0 እና 13 ይጽፋል። እንዲህ ሲያደርግ 403 የነበረው 313 ሆነ፣ 90 ጠፋ። በብር ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። አራት ባለመቶ ብር ኖቶችና ሦስት ባለአንድ ብር ሳንቲሞች ያሉት ሰው አንዱን መቶ በአሥር ባለአሥር ኖቶች ይመነዝራል፤ ከእነዚህ አንዱን ደግሞ በአሥር ሳንቲሞች ይመነዝራል። በእጁ 3 መቶ፣ 9 አሥርና 13 አንድ ይቀራሉ፤ ድምሩ ያው 403 ነው። አሁን 13 ሲቀነስ 6 እኩል ይሆናል 7፣ 9 ሲቀነስ 5 እኩል ይሆናል 4፣ 3 ሲቀነስ 1 እኩል ይሆናል 2። መልሱ 247 ነው፤ 156 ሲደመርበት 403 ይመጣል።

ስለዚህ ወላጆች ቤት ውስጥ አጭሩን መንገድ ቀድመው ባያሳዩ ይመረጣል። ይልቅስ ልጁ የጻፈውን 9 አመልክተው «ይህ ከየት መጣ?» ብለው ይጠይቁት። «መቶው በአሥሮች ተመንዝሮ አንዱ አሥር ወደ አንድ ቤት ስለሄደ» ብሎ ከመለሰ፣ እንጨቱን ትቶ በአሃዝ ብቻ ለመሥራት ደርሷል።