የወለድ ስዋፕ ዋጋ፦ አንዱ ቦንድ ሲቀነስ ሌላው

ስዋፕ ሁለት ወገኖች የወለድ ክፍያ የሚለዋወጡበት ውል ነው። እንበልና አንድ ኩባንያ ከባንክ ጋር በ100 ሚሊዮን ዶላር ላይ ተዋዋለ። ኩባንያው በየዓመቱ መጨረሻ ቋሚ 4 በመቶ ይከፍላል። ባንኩ ደግሞ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ የነበረውን የገበያ ወለድ በዓመቱ መጨረሻ ይከፍለዋል። 100 ሚሊዮኑ ራሱ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ ለማስሊያ ብቻ ነው። ውሉ ሊያልቅ 2 ዓመት ሲቀረው የገበያው ወለድ፣ ለ1 ዓመትም ለ2 ዓመትም፣ 5 በመቶ ሆነ። ውሉ አሁን ስንት ያወጣል?

የከርሞው ወለድ ስለማይታወቅ ነገሩ ጭንቅ ይመስላል። ዘዴው ግን ቀላል ነው። በመጨረሻው ቀን ሁለቱም 100 ሚሊዮን እንደሚሰጣጡ አስቡ። እኩል ስለሆነ ይካካሳል፤ ምንም አይለወጥም። አሁን ግን በአንድ በኩል ቋሚ ወለድ ያለው ቦንድ፣ በሌላው በኩል ተለዋዋጭ ወለድ ያለው ቦንድ አገኛችሁ ማለት ነው።

ከተለዋዋጩ እንጀምር። ዛሬ 100 ሚሊዮን በገበያው ወለድ አስቀምጡ። በዓመቱ ወለዱን ብቻ ውሰዱና 100ውን በአዲሱ ወለድ መልሳችሁ አስቀምጡ፤ መጨረሻ ላይ 100ው ይመለስላችኋል። ይህ ከቦንዱ ክፍያ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ዋጋው 100 ሚሊዮን ነው፤ የከርሞውን ወለድ መገመት አላስፈለገንም።

ቋሚው ቦንድ ከዓመት በኋላ 4፣ ከሁለት ዓመት በኋላ 104 ሚሊዮን ይከፍላል። ወደ ዛሬ ዋጋ ስንመልሰው፦

4 ÷ 1.05 + 104 ÷ 1.05² = 3.81 + 94.33 = 98.14

ኩባንያው የሚቀበለው 100፣ የሚሰጠው 98.14 ነው። ስዋፑ ለእሱ 1.86 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፤ ለባንኩ ያንኑ ያህል ኪሳራ ነው።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ቦታ መጣ። ተለዋዋጩ ቦንድ 100 የሚያወጣው ወለዱ በሚታደስበት ቀን ብቻ ነው። ስድስት ወር ይለፍ፤ ገበያው አሁንም 5 በመቶ ነው። የዘንድሮው 5 ሚሊዮን ቀድሞ ተወስኗል፤ ሲከፈል ደግሞ ቦንዱ 100 ያወጣል። ስለዚህ 105ን በግማሽ ዓመት ወደኋላ እንመልሳለን፦

105 ÷ 1.05^0.5 = 102.47

ቋሚውም በዚያው ስሌት 100.56 ይሆናል። ልዩነቱ 1.91 ሚሊዮን ነው። ተለዋዋጩን በስህተት 100 ብላችሁ ከተዋችሁት ግን ውጤቱ −0.56 ይሆንና ትርፉ ኪሳራ መስሎ ይታያል። ገበያው ሳይነቃነቅ የስዋፑ ምልክት ከተገለበጠ፣ መጀመሪያ ይህን ፈትሹ።

አንድ ገደብም አለ። የ100ው ዘዴ የሚሠራው የሚከፈለው ተለዋዋጭ ወለድና ገንዘቡን ወደ ዛሬ የምንመልስበት ወለድ አንድ ሲሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ ብዙ ባንኮች ላይቦር በሚባለው ወለድ እየተከፋፈሉ፣ ወደ ዛሬ የሚመልሱት ግን በሌላ ዝቅ ባለ ወለድ ሆነ። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱን ተለዋዋጭ ክፍያ ለየብቻ ማስላት ግድ ነው።