የርምጃና የንክኪ ቮልቴጅ፦ የመሬት መረብ ሬዚስታንስ የማይነግረን ነገር



በማከፋፈያ ጣቢያ ግቢ ውስጥ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ከምድር በታች፣ የመዳብ ሽቦዎች በመረብ መልክ ተዘርግተው ይቀበራሉ። የትራንስፎርመሩ አካልም ሆነ የብረት ምሰሶው ከዚሁ መረብ ጋር ይያያዛል። የመረቡ ሬዚስታንስ አንድ ኦም አካባቢ ከሆነ ጣቢያው ከአደጋ ነፃ ነው የሚል እምነት በሙያችን ውስጥ ተለምዷል። ይህ እምነት ለምን እንደሚያሳስት በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

በብልሽት ምክንያት ከረንት ወደ መሬት ሲፈስ የመረቡ ቮልቴጅ ከሩቁ ምድር አንጻር ከፍ ይላል፤ መጠኑም የከረንቱና የመረቡ ሬዚስታንስ ብዜት ነው። ሰውን የሚጎዳው ግን ሰውነቱ በሚነካቸው ሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ብረት በያዘ እጅና መሬት በረገጠ እግር መካከል ሲሆን የንክኪ ቮልቴጅ፣ አንድ ሜትር በተራራቁ ሁለት እግሮች መካከል ሲሆን ደግሞ የርምጃ ቮልቴጅ ይባላል። ከረንቱ በደረት በኩል ስለሚያልፍ ለሰው ይበልጥ የሚያሰጋው የንክኪው ነው። በአጥሩ ዙሪያ ለምትግጥ ላም ግን የርምጃውም እንዲሁ ያሰጋል፤ የፊትና የኋላ እግሮቿ ተራርቀው ልቧ በመካከላቸው ይገኛልና።

ወደ ምሳሌው እንሂድ። መረቡ 50 በ50 ሜትር፣ በሽቦዎቹ መካከል ያለው ርቀት 10 ሜትር፣ ጠቅላላ የሽቦው ርዝመት 600 ሜትር ይሁን። የአፈሩ ሬዚስቲቪቲ 100 ኦም-ሜትር ቢሆን የመረቡ ሬዚስታንስ 1.05 ኦም ገደማ ይሆናል። 2,000 አምፔር ሲፈስበት መረቡ ወደ 2,100 ቮልት ይደርሳል፤ በማዕዘኑ ክፍል ያለው የንክኪ ቮልቴጅም 550 ቮልት ያህል ነው። ብልሽቱ በግማሽ ሴኮንድ ቢቋረጥ፣ 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባዶ አፈር ላይ ቆሞ ሊቋቋም የሚችለው ወደ 190 ቮልት ብቻ ነው። እንግዲህ «ጥሩ» የተባለው መረብ ሰው ሊገድል ይችላል። ሬዚስቲቪቲው 3,000 ኦም-ሜትር የሆነ ጠጠር በ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲነጠፍ ግን ገደቡ ወደ 680 ቮልት ከፍ ይላል፤ ጠጠሩ በእግርና በአፈር መካከል ተጨማሪ ሬዚስታንስ ይሆናልና።

አሁን ይኸው ንድፍ ሳይለወጥ ሬዚስቲቪቲው 300 ኦም-ሜትር በሆነ ደረቅ መሬት ላይ ተሠራ እንበል። ከረንቱ ካልቀነሰ የመረቡ ሬዚስታንስም የንክኪ ቮልቴጁም በሦስት እጥፍ ያድጋሉ፤ ንክኪው 1,600 ቮልት ያልፋል። የጠጠሩ ገደብ ግን 700 ቮልት እንኳ አይሞላም። መፍትሔው ሽቦዎቹን ማቀራረብ፣ እርጥበት ያለው የታችኛው አፈር ድረስ የሚዘልቁ ዘንጎችን መትከልና ብልሽቱን በፍጥነት ማቋረጥ ነው።

ስለዚህ ከንድፉ አስቀድሞ፣ በተለይ በበጋ፣ አራት ካስማዎችን በእኩል ርቀት ተክሎና ርቀቱን ደረጃ በደረጃ እያሰፉ የአፈሩን ሬዚስቲቪቲ መለካት ይገባል። ጣቢያው ሥራ ከጀመረ በኋላም ጠጠሩን ተመልከቱ፦ ጭቃ ከዋጠው ገደቡ ተመልሶ ወደ 190 ቮልት ይወርዳል፤ የሬዚስታንስ መለኪያው ግን ያንኑ አንድ ኦም እያሳየ ይቀጥላል።