ሲጫኑት የሚያም ደረት

ጉንፋን ይዞት ሁለት ሳምንት ሲስል የሰነበተ ጎልማሳ፣ አንድ ማለዳ ደረቱን በስተግራ ይወጋው ጀመር። በረጅሙ ሲተነፍስና አልጋው ላይ ሲገላበጥ ይብስበታል። «ልቤ ነው» ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሐኪሟ ግን የጎድን አጥንቶቹ ከፍርምባው የሚገናኙባቸውን ቦታዎች በጣቷ ጫፍ አንድ በአንድ ጫነች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ «እሱ ነው!» አለ። ጎድንን ከፍርምባ የሚያያይዘው ለስላሳ አጥንት በሳሉ ብዛት ተቆጥቷል።

የልብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ በአንድ ጣት አይጠቆምም። ደረትን እንደ ከባድ ሸክም ይጫናል፤ ዳገት ሲወጡ ተነሥቶ ሲያርፉ ሊተው፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋም ሊዘልቅ ይችላል። ካላቆመ፣ ላብ ካጠመቀ ወይም ትንፋሽ ካሳጠረ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ደረቱን ሲጫኑት የሚያመው ሰው ልቡም ሊታመም ስለሚችል፣ ሐኪሟ ኢሲጂ አስነሣችው፤ ሳንባውንም አዳመጠች። ሁለቱም ደህና ነበሩ። ጨጓራ ስለሌለበት ለጥቂት ቀናት ከምግብ በኋላ የሚወሰድ አይቡፕሮፌን አዘዘችለት፤ ከባድ ዕቃ እንዳያነሣም ከለከለችው። ሕመሙ ሳምንታት ሊቆይ እንደሚችል ነግራዋለች። ትኩሳት ወይም ደም ያለበት አክታ ከመጣ ግን ጉዳዩ የሳንባ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ይመለሳል።