12,000 ተብሎ 8,910 የገባው ለምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ፣ እንኳን ለመጀመሪያ ደመወዝሽ አበቃሽ! «በማስታወቂያው 12,000 ብለው 8,910 አስገቡልኝ፤ ተሳስተው ይሆን?» ብለሽኝ የደመወዝ ወረቀትሽን ልከሽልኛል። አየሁት፤ ሂሳቡ ልክ ነው። ጥያቄውን ሌሎችም ስለሚያነሱት መልሱን እዚህ ጻፍኩት።

ትልቁ ቅናሽ 2,250 ብር የሥራ ግብር ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጅ መሠረት ደመወዝሽ ሙሉውን በአንድ መጣኔ አይመታም፤ ተቆራርጦ ነው የሚሰላው። የመጀመሪያው 2,000 ብር አይነካም። ቀጥሎ ካለው 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 300 ብር ይወሰዳል። ከዚያ እስከ 7,000 ባለው ላይ 20 በመቶ፣ 600 ብር ነው። እስከ 10,000 ባለው ላይ 25 በመቶ፣ 750 ብር። በቀረው 2,000 ላይ ብቻ 30 በመቶ፣ 600 ብር። ደምሪው፣ 2,250 ይመጣል። የሂሳብ ክፍሉ 12,000ን በ30 በመቶ አባዝቶ 1,350 የሚቀንሰው ለአቋራጭ ነው፤ ውጤቱ አንድ ነው።

በሥራ ዘመኔ «ጭማሪው ወደ 30 በመቶ ያስገባኛል፣ ይቅርብኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ገጥመውኛል። ደመወዙ ከ10,000 ወደ 10,500 ያደገ ሰው 30 በመቶ የሚከፍለው በ500ው ብቻ ነው፤ 150 ብር። 35 ብር ጡረታም ተቀንሶ 315 ብር ኪሱ ይገባል። ጭማሪ ገቢን አይቀንስም።

840 ብሩ ጡረታ ነው፤ የመሠረታዊ ደመወዝሽ 7 በመቶ። ወረቀቱ ላይ የማይታይሽ፣ አሠሪሽ ከራሱ 11 በመቶ፣ 1,320 ብር ይጨምርበታል። ስለዚህ በስምሽ በወር 2,160 ብር መግባት አለበት። ግብሩ ግን የሚሰላው ጡረታ ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል።

እዚህ ጋ ዓይንሽን ክፈቺ። አንዳንድ የግል ድርጅት ፔይሮል ላይ 5,000 አስፈርሞ ቀሪውን በእጅ ይሰጣል። ግብር ስለሚቀንስ ሠራተኛውም ደስ ይለዋል። ጡረታው ግን በ5,000 ይቆጠራል፤ 840 የነበረው መዋጮ 350 ይሆናል፣ የአሠሪው ድርሻም አብሮ ያንሳል። የጡረታ አበል የሚታሰበው ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። በቅጥር ደብዳቤሽና በፔይሮሉ ላይ ያለው መሠረታዊ ደመወዝ አንድ መሆኑን አረጋግጪ። የጡረታ መለያ ቁጥርሽንም ጠይቂና ያዢ፤ ከደመወዝሽ ቆርጦ ገቢ የማያደርግ አሠሪ ስላለ፣ በቁጥሩ ሄደሽ መዋጮው መግባቱን ማጣራት ትችያለሽ።

ገና ያልመጣብሽ የወጪ መጋራት አለ። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለወጣሽ የፈረምሽው ዕዳ ነው፤ አሠሪሽ በየወሩ ይቆርጥና ገቢ ያደርጋል። ደረሰኞቹን አትጣዪ፤ ከፍለሽ ስትጨርሺ ማረጋገጫ ስትጠይቂ ያስፈልጉሻል።

ከዚህ ውጪ የዕድር፣ የቁጠባ ማኅበር ወይም የስጦታ መዋጮ የሚል መስመር ካየሽ፣ መጀመሪያ የፈረምሽበትን ወረቀት አሳዩኝ በይ። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ በቀር፣ ያለ ጽሑፍ ስምምነትሽ ከደመወዝሽ መቁረጥ አይችሉም።