የዝንጉርጉሯ ዝንብ ዓይን

የፍራፍሬ ዝንብ ዓይን በተፈጥሮው ቀይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ሄርማን ሙለር በኤክስሬይ ምርምሩ ያገኛቸው አንዳንድ ዝንቦች ግን ዓይናቸው ቀይና ነጭ ዝንጉርጉር ነበር። ለቀይ ቀለሙ የሚያስፈልገው «ዋይት» የተባለው ጂን አልተበላሸም፤ ተበላሽቶ ቢሆን ዓይኑ እንዳለ ነጭ ይሆን ነበር። ክሮሞሶሙ ተቆርጦ ሲገለበጥ ጂኑ በሴንትሮመር አካባቢ ካለው ጥቅጥቅ ያለ ክሮማቲን አጠገብ አረፈ። የጎዳው ጉርብትናው ነው።

ነገሩ የሚገባን ሂስቶንን ስናውቅ ነው። 147 ያህል የዲኤንኤ ቤዝ ጥንዶች በስምንት ሂስቶኖች ላይ፣ ክር በእንዝርት ላይ እንደሚጠነጠን፣ ይጠመጠማሉ፤ ይህ አንድ ኑክሊዮሶም ነው። የሂስቶኖቹ ጭራ ወደ ውጭ ይወጣል። ጭራው ላይ ያሉት ላይሲኖች አዎንታዊ ሙል ስላላቸው አሉታዊውን ዲኤንኤና ጎረቤት ኑክሊዮሶሞችን ይስባሉ። አሴቲል ሲለጠፍባቸው ይህን ሙል ያጣሉ፤ መሳሳቡ ይላላል፣ ጂን አንባቢ ፕሮቲኖችም መግቢያ ያገኛሉ።

ሜቲል ግን ሙሉን አይነካም። አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ ሊለጠፍ ይችላል፤ ውጤቱን የሚወስነው ምልክቱን አውቆ የሚይዘው ፕሮቲን ነው። ስለዚህ «ሜቲል ጂን ያጠፋል» የሚለው የፈተና መልስ ግማሽ እውነት ነው። በሂስቶን ኤች3 ጭራ 4ኛው ላይሲን ላይ ሦስት ሜቲል የሚገኘው በሚሠሩ ጂኖች መነሻ ላይ ነው፤ 9ኛው ላይ ሲሆን ግን የዝምታ ምልክት ነው።

ወደ ዝንቧ እንመለስ። አንድ ላይሲን በተለምዶ አሴቲልና ሜቲልን በአንድ ጊዜ አይሸከምም፤ ስለዚህ በ9ኛው ላይሲን ላይ ያለውን አሴቲል መጀመሪያ ሌላ ኢንዛይም ያነሳዋል። ከዚያ ሱቫር 3-9 የተባለው ኢንዛይም ሜቲል ይለጥፋል። ኤችፒ1 የተባለው ፕሮቲን ሜቲሉን ይዞ ኑክሊዮሶሞችን ያቀራርባል፤ ያንኑ ኢንዛይምም ወደ ቀጣዩ ኑክሊዮሶም ይጠራል። ዝምታው በዚህ መንገድ እየተዛመተ ሄዶ በአንዳንዱ ሴል ውስጥ «ዋይት»ን ይሸፍናል፣ በሌላው ሳይደርስበት ይቆማል። ሴሉ ሲከፋፈል ልጆቹም ሁኔታውን ስለሚወርሱ ነጩና ቀዩ በጥፍጥፍ ይታያሉ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሱቫር 3-9 በሚውቴሽን የተዳከመባቸው ዝንቦች ዓይን ይበልጥ ይቀላል።

በቤተ ሙከራ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሂስቶንን ከነዲኤንኤው በፀረ እንግዳ አካል ለቅሞ ምልክቱን መለካት የተለመደ ነው፤ ልኬቱ ግን የብዙ ሴሎች አማካይ ነው። የዝንጉርጉሯን ዝንብ ዓይን ፈጭተን ብንለካ «ዋይት» ላይ አሴቲልም ሜቲልም በ9ኛው ላይሲን ላይ እናገኛለን። ይህ ሁለቱ አብረው መኖራቸውን አያሳይም፤ ከቀዩና ከነጩ ጥፍጥፍ የመጡ ሴሎች መቀላቀላቸውን እንጂ። ለመለየት ቀይና ነጭ ሴሎችን አስቀድሞ መለያየት ወይም ሴል በሴል መለካት ይጠይቃል።