ጠባቡ የኮርኒስ ጠርዝ

በሚኒያፖሊስ ብዙ የቆዩ ቤቶች ከኮርኒሱ በላይ ያለው ቦታ መሃሉ ሰፊ ነው፤ ጣሪያው ግድግዳውን የሚነካበት ጠርዝ ግን በጣም ይጠባል። ሰፊውን መሃል ከአሮጌ ጋዜጣ የሚሠራው ሴሉሎስ በርካሽ ይሞላዋል፤ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢነፋበት ይበቃል። ጠርዙ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲኖር ግን ሴሉሎስ ይሳሳል፣ በስንጥቁ የሚገባውንም ነፋስ አያቆምም። እዚያ እየተረጨ የሚደርቀው ጠጣር ፎም በተመሳሳይ ውፍረት እጥፍ ገደማ ቅዝቃዜ ይከላከላል፣ ስንጥቁንም ይደፍናል። ከጣሪያው ሥር የአየር መተላለፊያው ግን መዘጋት የለበትም።

ፎሙ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል በሆነ ንብርብር፣ እያቀዘቀዙ ይረጫል። በአንዴ ከወፈረ በራሱ ሙቀት ይጎዳል፤ ከእንጨቱ መላቀቁና የማይለቅ የዓሣ ሽታው ያጋልጡታል። ስለዚህ እኔ ጠርዙን በፎም አስደፍኜ መሃሉን በሴሉሎስ እሞላለሁ።